አተሙ ልክ ሆኖ ኢኩዌሽኑ ለምን ይሳሳታል? ዳይክሮሜትና ብረት በአሲድ ውስጥ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከሐይቅ። ዳይክሮሜትና Fe²⁺ በአሲድ ውስጥ ያላቸውን ሪአክሽን ባላንስ አድርጉ ተባልን። እኔ Cr₂O₇²⁻ + Fe²⁺ + 14H⁺ → 2Cr³⁺ + Fe³⁺ + 7H₂O ብዬ ጻፍኩ። አተሞቹን ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው፣ ሁሉም እኩል ነው። ግን ኤክስ ተደረገብኝ። ምኑ ነው የተሳሳተው? ውሃውና H⁺ ከየት እንደሚመጡም አልገባኝም፤ ጓደኞቼ ደረጃውን በቃላቸው ነው የያዙት።

መልስ፦

አብሽሪ፣ አተም ቆጠራሽ ልክ ነው። እኔም ደግሜ ቆጠርኩት። ክሮሚየም 2 እና 2፣ ኦክስጅን 7 እና 7፣ ሃይድሮጅን 14 እና 14፣ ብረት አንድ እና አንድ። የቀረሽ አንድ ቆጠራ ነው፤ የቻርጁ። በግራ በኩል ዳይክሮሜቱ −2፣ ብረቱ +2፣ አሥራ አራቱ H⁺ ደግሞ +14 ናቸው። ድምሩ +14 ይመጣል። በቀኝ በኩል ሁለቱ ክሮሚየም +6፣ ብረቱ +3 ናቸው። ውሃ ቻርጅ የለውም። ድምሩ +9 ነው። በመሃል አምስት ቻርጅ ጠፋ።

ቻርጅ ልክ እንደ አተም ነው፤ ከየትም አይመጣም፣ የትም አይጠፋም። ካልተካከለ የኤሌክትሮን ሒሳብ ተዛብቷል ማለት ነው። አንቺ በጻፍሽው ውስጥ ሁለቱ ክሮሚየሞች በድምሩ ስድስት ኤሌክትሮን ወስደዋል። ብረቱ የሰጠው ግን አንድ ብቻ ነው። አምስቱን የሰጠ የለም። ኤክስ ያስደረገብሽ ይሄ ነው።

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ስድስት ፍየል የሚፈልግ ነጋዴ መጣ እንበል። ፍየል ይዘው የወጡት ሴቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብቻ ነው የያዙት። ነጋዴው ስድስት ፍየል ይዞ እንዲመለስ ስድስት ሴቶች መሸጥ አለባቸው። ዳይክሮሜት ያ ነጋዴ ነው። እያንዳንዱ Fe²⁺ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ የያዘ ሻጭ ነው። ስለዚህ ብረቱ ስድስት መሆን እንዳለበት ከወዲሁ መገመት ትችያለሽ። ግን በግምት አንሄድም፤ ስድስቱ ከየት እንደሚመጣ ኢኩዌሽኑ ራሱ ይንገረን።

መንገዱ ሪአክሽኑን ለሁለት መክፈል ነው። ኤሌክትሮን ሰጪው ለብቻው፣ ተቀባዩ ለብቻው ይጻፋል። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሪአክሽን ይባላሉ፤ ክፍል ውስጥ ሃፍ ሪአክሽን የምትሉት ነው። ለየብቻቸው ባላንስ እናደርጋቸውና መጨረሻ ላይ እንደምራቸዋለን።

ለመክፈል ደግሞ ማን ወደ ማን እንደተለወጠ ብቻ ተመልከቺ። ብረት ወደ ብረት፣ ክሮሚየም ወደ ክሮሚየም፦

Fe²⁺ → Fe³⁺

Cr₂O₇²⁻ → Cr³⁺

H⁺ንም ውሃንም እዚህ አላስገባሁም። ሆን ብዬ ነው። እነሱ በኋላ በየቦታቸው ራሳቸው ይመጣሉ። አንቺ ግን ከመጀመሪያው ሁሉንም በአንድ መስመር ጻፍሻቸው። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ የሚታይበት ቦታ አልነበረውም።

ከቀላሉ እንጀምር፤ ከብረቱ። አተሙ አንድ ለአንድ ስለሆነ ምንም አይነካም። ቻርጁ በግራ +2፣ በቀኝ +3 ነው። ቻርጅ ማስተካከያችን ኤሌክትሮን ነው፤ ኤሌክትሮን ደግሞ −1 ነው። ስለዚህ የሚጨመረው ሁልጊዜ ፖዘቲቩ በበዛበት በኩል ነው። እዚህ በቀኝ ነው የበዛው፦

Fe²⁺ → Fe³⁺ + e⁻

አሁን በግራ +2፣ በቀኝ +3 ሲደመር −1፣ ማለትም +2። ተካከለ። ኤሌክትሮኑ በቀኝ በኩል መውጣቱን ልብ በይ። ብረት ኤሌክትሮን ለቀቀ፣ ኦክሲዳይዝ ሆነ።

አሁን ወደ ክሮሚየሙ። ሙሉው ሥራ ያለው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ክሮሚየሙን ራሱን አስተካክዪ። በግራ ሁለት አለ፣ በቀኝ አንድ ነው። በቀኝ 2 ጻፊ፦

Cr₂O₇²⁻ → 2Cr³⁺

ይቺን ደረጃ ዘለው ወደ ኦክስጅን የሚሮጡ ብዙ ተማሪዎች አይቻለሁ። ያኔ በቀኝ ያለው ቻርጅ +3 ሆኖ ይቀርና የኤሌክትሮኑ ቁጥር ይበላሻል። ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ውጭ ያለው አተም ሁልጊዜ ይቅደም።

ቀጥሎ ኦክስጅን። በግራ ሰባት አለ፣ በቀኝ ምንም የለም። የጠየቅሽኝ ሁለተኛው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው። ዳይክሮሜት ክሮሚየምን ከሰባት ኦክስጅን ጋር አሥሮ የያዘ አዮን ነው። ክሮሚየሙ ኤሌክትሮን ተቀብሎ Cr³⁺ ሲሆን እነዚያ ኦክስጅኖች ይለቀቃሉ። ታዲያ የት ይሄዳሉ? O²⁻ የሚባል አዮን ውሃ ውስጥ ብቻውን መቆየት አይችልም። ዙሪያውን ደግሞ አሲድ አለ፤ H⁺ ሞልቷል። እያንዳንዱ ኦክስጅን ሁለት H⁺ ይዞ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ሰባት ኦክስጅን ሰባት ውሃ ሆኖ በቀኝ በኩል ይወጣል፦

Cr₂O₇²⁻ → 2Cr³⁺ + 7H₂O

ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ O₂ የሚጽፍ ይኖራል፤ «ኦክስጅን ጎደለ፣ ኦክስጅን ልጨምር» ብሎ። O₂ ግን ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ሲፍለቀለቅ የሚታይ ጋዝ ነው። ዳይክሮሜትና ብረት ሲገናኙ እንዲህ ያለ ጋዝ አይወጣም። OH⁻ የሚጽፍም አለ። እሱ ለቤዝ ነው። አሲድ ውስጥ ያለው OH⁻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ቢመጣም ወዲያው H⁺ አግኝቶት ውሃ ይሆናል። አሲድ ውስጥ ለመሙያ የተፈቀዱልን ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ H₂O፣ H⁺ እና e⁻። ብልቃጡ ውስጥ የሌለ ነገር ወረቀቱ ላይ አይጨመርም።

አሁን ውሃው አሥራ አራት ሃይድሮጅን ይዞ መጣ። በግራ ሃይድሮጅን የለም። ከአሲዱ 14H⁺ እንወስዳለን፦

Cr₂O₇²⁻ + 14H⁺ → 2Cr³⁺ + 7H₂O

አተሙ አለቀ። አንቺም እዚህ ድረስ ልክ ነበርሽ፤ 14ቱንም 7ቱንም አግኝተሻቸዋል። የቀረው ቻርጅ ነው። በግራ −2 እና +14፣ ማለትም +12። በቀኝ ሁለት ጊዜ +3፣ ማለትም +6። ፖዘቲቩ የበዛው በግራ ነው፤ በስድስት ይበልጣል። ስለዚህ ስድስት ኤሌክትሮን በግራ ይጨመራል፦

Cr₂O₇²⁻ + 14H⁺ + 6e⁻ → 2Cr³⁺ + 7H₂O

በሁለቱም በኩል +6 ሆነ። ስድስቱ የመጣው ከዚህ ነው። ኦክሲዴሽን ነምበር ሳንነካ ቻርጅ ብቻ ቆጥረን አገኘነው። እኔ ይህን ዘዴ የምወደው በዚህ ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ኦክሲዴሽን ነምበር ሲያሰላ ነው፤ እዚህ ደግሞ መደመርና መቀነስ ብቻ ይበቃል።

ኦክሲዴሽን ነምበር ግን ለማመሳከሪያ ጥሩ ነው። ዳይክሮሜት ውስጥ ሰባት ኦክስጅን −14 ናቸው፤ የአዮኑ ቻርጅ −2 ስለሆነ ሁለቱ ክሮሚየሞች +12 መሆን አለባቸው፤ አንዱ +6። በቀኝ አንዱ +3 ነው። እያንዳንዱ በሦስት ወረደ፣ ሁለቱ በስድስት። ስድስት ኤሌክትሮን። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቁጥር ካልሰጡሽ አንዱ ላይ ተሳስተሻል፤ ወደፊት አትሂጂ።

ሌላም ማመሳከሪያ አለ። የብረቱ ኤሌክትሮን በቀኝ ነው የወጣው፣ የክሮሚየሙ በግራ ነው የገባው። ሁልጊዜ እንዲህ ተቃራኒ መሆን አለበት። ሁለቱም ግማሽ ሪአክሽኖች ኤሌክትሮንን በአንድ በኩል ካሳዩሽ ቻርጅ ስትቆጥሪ ምልክት ተሳስተሻል።

አሁን ሰጪና ተቀባይን እናገናኝ። ክሮሚየሙ ስድስት ይፈልጋል፣ ብረቱ አንድ ይሰጣል። የብረቱን ግማሽ ሪአክሽን በሙሉ በስድስት እናባዛው፦

6Fe²⁺ → 6Fe³⁺ + 6e⁻

«በሙሉ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤሌክትሮኑን ብቻ አባዝቶ Fe³⁺ን አንድ አድርጎ መተው በየዓመቱ የማየው ስህተት ነው። ቀስቱ በግራም በቀኝም ያለው ሁሉ ይባዛል።

ከዚያ ሁለቱን ደምሪ። በግራ 6e⁻ አለ፣ በቀኝም 6e⁻ አለ፤ ይጣፋሉ። የሚቀረው፦

Cr₂O₇²⁻ + 14H⁺ + 6Fe²⁺ → 2Cr³⁺ + 7H₂O + 6Fe³⁺

ቻርጁን ቁጠሪው። በግራ −2፣ +14፣ +12፤ ድምር +24። በቀኝ +6 እና +18፤ ድምር +24። እኩል ነው። ዜሮ መሆን የለበትም፤ እኩል መሆን ብቻ ነው ያለበት። ይህንን የማነሳው «ቻርጁ ዜሮ ካልሆነ ባላንስ አልሆነም» ብለው የሚጨነቁ ልጆች ስላሉ ነው።

ካንቺ መልስ ጋር አስተያዪው። ልዩነቱ ብረቱ ፊት ያለው 6 ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ይህ ቁጥር የሚመዝነው ነገር አለ። በጤና ኬላ ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠውን የብረት ኪኒን ታውቂዋለሽ። አንዱ ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረት አለው እንበል፣ በFe²⁺ መልክ። ኪኒኑን በአሲድ አሟሙተን ምን ያህል ብረት እንዳለው በዳይክሮሜት እንለካ። ሽፋኑና ሌላው ቅመም የሚያመጣውን ጣጣ ለጊዜው እንተወው።

60 ሚሊግራም ብረት ለ55.85 ሲካፈል 1.074 ሚሊሞል ነው። ስድስት ብረት ለአንድ ዳይክሮሜት ስለሆነ 0.179 ሚሊሞል ዳይክሮሜት ያስፈልጋል። 0.01 ሞላር የሆነ ዳይክሮሜት ካለን ከቢውሬቱ 17.9 ሚሊሊትር ያህል ይወርዳል። ይህ በብልቃጡ ውስጥ የሚሆነው ነው፤ አንቺ ምንም ብትጽፊ አይለወጥም። አሁን ቢውሬቱን ያነበበው ሰው ያንቺን ኢኩዌሽን ይዞ ቢያሰላ አንድ ዳይክሮሜት ለአንድ ብረት ይላል። 0.179 ሚሊሞል ዳይክሮሜት፣ 0.179 ሚሊሞል ብረት፣ ማለትም 10 ሚሊግራም። 60 ያለውን ኪኒን 10 አለው ብሎ ይጥለዋል። አተሙ ግን በወረቀቱ ላይ እኩል ነበር።

ፈተና ላይ ጥያቄው በአዮን ሳይሆን በሙሉ ስም ሊመጣ ይችላል፤ K₂Cr₂O₇፣ FeSO₄ እና H₂SO₄ ተብሎ። አትደንግጪ። K⁺ እና SO₄²⁻ በሪአክሽኑ አይለወጡም፤ ተመልካች ናቸው። መጀመሪያ አውልቂያቸውና ከላይ እንዳየነው ሥሪው፣ መጨረሻ ላይ መልሺያቸው። 14H⁺ የሚመጣው ከ7H₂SO₄ ነው፤ አንዱ ሁለት H⁺ ስለሚሰጥ፦

K₂Cr₂O₇ + 6FeSO₄ + 7H₂SO₄ → Cr₂(SO₄)₃ + 3Fe₂(SO₄)₃ + K₂SO₄ + 7H₂O

ሰልፌቱን ቁጠሪ። በግራ 6 እና 7፣ 13። በቀኝ 3 እና 9 እና 1፣ 13። ገጠመ።

እስካሁን «አተም ብቻ አይበቃም፣ ቻርጅም ቁጠሪ» አልኩሽ። አሁን ደግሞ ሁለቱም እኩል ሆነው መልሱ ስህተት የሚሆንበትን አንድ ቦታ ላሳይሽ። ይሄን ሳልነግርሽ ብቀር ነገ ሌላ ኤክስ ታገኛለሽ። ፐርማንጋኔትና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በአሲድ ውስጥ ሲገናኙ ሐምራዊው ቀለም ይጠፋና የኦክስጅን ጋዝ ይፍለቀለቃል። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ጻፈልኝ፦

2MnO₄⁻ + 3H₂O₂ + 6H⁺ → 2Mn²⁺ + 4O₂ + 6H₂O

ቁጠሪው። ማንጋኒዝ 2 እና 2። ኦክስጅን በግራ 8 እና 6፣ 14፤ በቀኝ 8 እና 6፣ 14። ሃይድሮጅን 12 እና 12። ቻርጅ በግራ −2 እና +6፣ +4፤ በቀኝ +4። ሁሉም ገጠመ። ግን ስህተት ነው።

ለምን እንደሆነ ግማሽ ሪአክሽኑ ወዲያው ያሳይሻል። ማንጋኒዙን በተማርሽው መንገድ ስትሠሪው አራቱ ኦክስጅን አራት ውሃ ይሆናል፣ ለዚያ 8H⁺ ይገባል፣ ቻርጁ በግራ +7፣ በቀኝ +2 ይሆናል፣ አምስት ኤሌክትሮን በግራ ይጨመራል፦

MnO₄⁻ + 8H⁺ + 5e⁻ → Mn²⁺ + 4H₂O

ፐሮክሳይዱ ደግሞ H₂O₂ → O₂ ነው። ኦክስጅኑ 2 ለ2፣ እኩል ነው፤ ውሃ አያስፈልገውም። ሃይድሮጅኑ በቀኝ ስለጠፋ 2H⁺ በቀኝ ይጨመራል። ቻርጁ በግራ ዜሮ፣ በቀኝ +2 ስለሆነ ሁለት ኤሌክትሮን በቀኝ፦

H₂O₂ → O₂ + 2H⁺ + 2e⁻

አምስትና ሁለት የሚገናኙት አሥር ላይ ነው። የላይኛውን በ2፣ የታችኛውን በ5 አባዢ። ስትደምሪው በግራ 16H⁺ አለ፣ በቀኝ 10H⁺ አለ። እነሱም እንደ ኤሌክትሮኑ ይጣፋሉ፣ በግራ 6H⁺ ይቀራል፦

2MnO₄⁻ + 5H₂O₂ + 6H⁺ → 2Mn²⁺ + 5O₂ + 8H₂O

የተማሪዬ ኢኩዌሽን ላይ ሁለቱ ማንጋኒዞች አሥር ኤሌክትሮን ወስደዋል፤ ሦስቱ ፐሮክሳይድ O₂ ሲሆኑ የሚሰጡት ስድስት ብቻ ነው። የቀሩት አራት ኤሌክትሮኖች ከየት መጡ? በቀኝ ያሉትን አራት O₂ ተመልከቺ፤ ስምንት ኦክስጅን ናቸው። ሦስት ፐሮክሳይድ ያለው ስድስት ኦክስጅን ነው። ስለዚህ አንዱ O₂ ሳይታሰብ ከፐርማንጋኔቱ ወይም ከውሃው ኦክስጅን ተሠርቷል ማለት ነው፤ አራቱን ኤሌክትሮን የከፈለው እሱ ነው። በወረቀት ይቻላል። በብልቃጥ ግን እንዲህ አይሆንም። ኬሚስቶች ከባድ የኦክስጅን አይሶቶፕ ተጠቅመው ሲከታተሉት ጋዙ በሙሉ የሚመጣው ከፐሮክሳይዱ ሆኖ ተገኝቷል።

ኦክስጅን በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ የሚታይባቸው ሪአክሽኖች ላይ አተምና ቻርጅ የሚያስማሙ ቁጥሮች ብዙ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ትክክለኛውን የሚለየው የኤሌክትሮን ቆጠራ ነው። በዓይን እያዩ ቁጥር መሞከር እዚህ አያዋጣም።

አንድ ነገር ግን ከዘዴው አትጠብቂ። ግማሽ ሪአክሽን ምርቱ ምን እንደሚሆን አይነግርሽም። Cr³⁺ እንደሚመጣ፣ Mn²⁺ እንደሚመጣ ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ዘዴው ቁጥሩን ብቻ ያወጣልሻል። ምርቱ ደግሞ በአሲዱ መጠን ይወሰናል። ፐርማንጋኔት በቂ አሲድ ካገኘ Mn²⁺ ይሆንና ብልቃጡ ቀለም አልባ ይሆናል። አሲዱ ካነሰው MnO₂ ሆኖ ቡናማ ዝቃጭ ይሠራል። ላብራቶሪ ውስጥ ቡናማ ነገር ካየሽ የጻፍሽው ባለ 8H⁺ ኢኩዌሽን በዚያ ብልቃጥ ውስጥ እየሆነ አይደለም። ዳይክሮሜትም ቤዝ ውስጥ ከገባ ብርቱካናማ ቀለሙን ትቶ ቢጫ ክሮሜት ይሆናል። ጥያቄው ላይ «በአሲድ ውስጥ» ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

አሲዱም ማንኛውም አሲድ አይደለም። ለፐርማንጋኔት ብዙውን ጊዜ ቀጠን ያለ ሰልፈሪክ አሲድ ነው የምንጠቀመው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብታደርጊ ፐርማንጋኔቱ ክሎራይዱንም ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል፤ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ሌላ ሻጭ ገበያው ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ ሒሳብሽም ይፈርሳል። ናይትሪክ አሲድ ደግሞ ራሱ ኤሌክትሮን ቀማኛ ነው።

ትምህርት ቤታችሁ ላብራቶሪ ካለው ፐርማንጋኔቱን ከመምህርሽ ጋር ሞክሪው። ዳይክሮሜቱን ግን እጅሽ እንዳይነካ፣ አቧራውም እንዳትተነፍሺው። ካንሰር አምጪ ነው። ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ማየት ያምራል፤ መምህሩ ይሥራው፣ አንቺ እዪው።

አሁን አንድ ልስጥሽ። ፐርማንጋኔትና ኦክሳሌት በአሲድ ውስጥ፦

MnO₄⁻ + C₂O₄²⁻ → Mn²⁺ + CO₂

የማንጋኒዙን ግማሽ ከላይ ሠርተነዋል፣ እሱን ውሰጂ። ኦክሳሌቱ ላይ ካርቦኑን አስቀድሚ፤ እሱን ካስተካከልሽ በኋላ ኦክስጅኑን ቁጠሪና ውሃ ያስፈልገው እንደሆነ ራስሽ ወስኚ። ስትጨርሺ በሁለቱም በኩል ያለው ቻርጅ +4 መምጣት አለበት፣ ፐርማንጋኔቱ ፊት ደግሞ 2 መኖር አለበት። ካልመጣልሽ ሁለቱን ግማሽ ሪአክሽኖች ለየብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የተሳሳትሽበትን መስመር አብረን እናገኘዋለን።